ማን አደረገው? የሪፖርት አንቀጽን ከተገብሮ ወደ ገቢር መመለስ

በአማርኛ ሰዋስው «ነርሷ ክትባቱን ለየች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ገቢር ነው። ድርጊቱን የፈጸመችው ነርሷ ባለቤት ሆና ከፊት ትቆማለች፣ ግሱም ለእሷ ይስማማል። «ክትባቱ ተለየ» ሲባል ግን ዐረፍተ ነገሩ ተገብሮ ይሆናል። ድርጊቱ የደረሰበት ነገር የባለቤቱን ቦታ ይይዛል፣ ግሱ «ተ» ይጨምራል፣ አድራጊዋ ነርስ ከዐረፍተ ነገሩ ትወጣለች። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። በሪፖርት ላይ ችግር የሚመጣው ተገብሮው ከላይ እስከ ታች ሲደረደርና አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ፈልጎ ሲያጣ ነው። «ተደርጓል»፣ «ተወስዷል»፣ «ተቀምጧል» የሚሉት መዝጊያዎች ከመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ጋር በጣም ተላምደዋል። ብዙ ጸሐፊዎች ሪፖርት ያለ እነሱ ሪፖርት የማይሆን ይመስላቸዋል።

ለማሳያነት የተዘጋጀውን የሚከተለውን አጭር አንቀጽ መመልከት ይቻላል። ጉዳዩ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ መበላሸት ነው።

«ሰኞ ጠዋት የክትባት ማቀዝቀዣው መበላሸቱ ታውቋል። የሙቀት መጠኑ ከተፈቀደው በላይ መሆኑ ተረጋግጦ ክትባቶቹ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ሪፖርት የተደረገ ሲሆን ማቀዝቀዣው በወረዳው ተፈትሾ የተቃጠለው ቴርሞስታት ተነቅሎ አዲስ ተገዝቶ ተገጥሟል። በተጎዱት ክትባቶች ላይ ተገቢው እርምጃ ተወስዷል። በቀጣይም የማቀዝቀዣው ሙቀት በየቀኑ እንዲለካ አቅጣጫ ተቀምጧል።»

አንቀጹ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ድምፁም ጨዋ ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መቆየት ስላለባቸው፣ ይህን ሪፖርት የሚያነበው የወረዳ ባለሙያ ጥያቄዎቹ ብዙ ናቸው። ብልሽቱን ያየው ማን ነው? ሙቀቱ ስንት ደረሰ? ክትባቶቹን ማን ወሰዳቸው? የተጎዱት የት ናቸው? ከነገ ጀምሮ የሚለካው ማን ነው? አንቀጹ ከእነዚህ ለአንዱም መልስ የለውም።

የማስተካከሉ ሥራ የሚጀምረው ከየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ የአማርኛ ዋና ግስ የሚገኘው እዚያ ነውና። በአምስቱ ዐረፍተ ነገሮች መዝጊያ ላይ «ታውቋል»፣ «ተደርጓል»፣ «ተገጥሟል»፣ «ተወስዷል» እና «ተቀምጧል» ቆመዋል። የመጀመሪያው በ«ታ» የጀመረው የ«አወቀ» ተገብሮ ስለሆነ ነው፤ «ተ» ከግሱ «አ» ጋር ተዋህዶ «ታ» ሆኗል። ከመዝጊያዎቹ በፊት ደግሞ በመሀል የተሸሸጉ ሌሎች ተገብሮዎች አሉ፤ «ተረጋግጦ»፣ «የተደረገ ሲሆን»፣ «ተፈትሾ»፣ «ተነቅሎ»፣ «ተገዝቶ»። እነዚህን ሁሉ በእስክሪብቶ ማስመር ይጠቅማል፤ ዓይን የለመደውን ነገር ሳያይ ያልፋልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጣራት ነው፣ ምክንያቱም በ«ተ» የሚጀምር ግስ ሁሉ ተገብሮ አይደለም። «ተመለከተ»፣ «ተቀበለ»፣ «ተረከበ»፣ «ተናገረ» በ«ተ» ቢጀምሩም ባለቤታቸው ራሱ አድራጊ ነው። «ነርሷ ቴርሞሜትሩን ተመለከተች» ሲባል የምታየው እሷው ናት። ቀላሉ መለያ የ«ን» ምልክት ነው። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «ቴርሞሜትሩን» እንደሚለው ያለ «ን» የያዘ ተሳቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ግሱ ገቢር ነውና መንካት አያስፈልግም። ሌላው መለያ «ተ»ን አንስቶ መሞከር ነው። ከ«ተፈተሸ» ላይ «ፈተሸ» ይወጣል፤ ከ«ተቀበለ» ላይ ግን «ቀበለ» የሚባል ግስ አይገኝም።

ማጣራቱ ሌላም ነገር ያሳያል። «ማቀዝቀዣው ተበላሸ» እና «ቴርሞስታቱ ተቃጠለ» በቅርጻቸው ተገብሮ ይመስላሉ፣ ነገር ግን ከኋላቸው የተደበቀ ሰው ላይኖር ይችላል። ዕቃ በራሱ ይበላሻል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን በግድ ገቢር ለማድረግ ብሎ «የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ቴርሞስታቱን አቃጠለው» ቢል፣ ማንም ያላረጋገጠውን ምክንያት በእርግጠኝነት መጻፉ ነው። ወደ ገቢር መመለስ ከሚያመጣቸው ስሕተቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ቋንቋው ስለጠራ ብቻ አንባቢው ነገሩን እንደተጣራ አድርጎ ያምነዋል።

ተገብሮዎቹ ከተለዩ በኋላ በእያንዳንዳቸው አጠገብ «ማን?» የሚል ጥያቄ ይጻፋል። መልሱ አንዳንዴ በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ በ«በ» ተያይዞ ይገኛል፤ ግን «በ» የሚታመን ምስክር አይደለም። «ማቀዝቀዣው በወረዳው ተፈትሾ» የሚለው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ፈተሸው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ማቀዝቀዣው ወደ ወረዳው ተወስዶ እዚያ ተፈተሸ ማለትም ይሆናል። «በ» አድራጊን፣ ቦታን፣ መሣሪያንና ጊዜን በአንድ ፊደል ስለሚሸከም ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ መለየት አይቻልም። «በ... አማካኝነት» እና «በ... በኩል» የሚሉትም ብዙ አይረዱም፤ አድራጊውንም መንገዱንም ያመለክታሉና። ስለዚህ መልሱን ከሰዎቹና ከመዝገቡ መፈለግ ይገባል። የሙቀት መዝገቡ፣ የክትባት ርክክብ ቅጹና የግዥ ደረሰኙ ከማንም ትዝታ ይበልጣሉ።

በዚህ ምሳሌ መልሱ ሲሰበሰብ የሚከተለው ተገኘ እንበል። ብልሽቱን ያየችው የክትባት ክፍሉ ነርስ ናት፤ ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ቴርሞሜትሩ 24 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ክትባቶቹ እንዲዛወሩ ያዘዙት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲሆኑ፣ አሽጋ የወሰደችው ነርሷ ናት። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የደወሉት ኃላፊው ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ ቴክኒሻን ላከ፣ ቴክኒሻኑ ማክሰኞ ፈተሸ፣ ቴርሞስታቱን ረቡዕ የገዛው የጤና ጣቢያው የግዥ ክፍል ነው፣ የገጠመው ደግሞ ያው ቴክኒሻን ነው።

አሁን ዐረፍተ ነገሮቹን ማዞር ይቻላል። ቀላሉ ዙር ሦስት ለውጦች ብቻ አሉት። አድራጊው ከፊት ይመጣል፣ ድርጊቱ የደረሰበት የታወቀ ነገር «ን» ይይዛል፣ ግሱ «ተ»ን ጥሎ ለአዲሱ ባለቤት ይስማማል። «ማቀዝቀዣው ተፈተሸ» የሚለው «ቴክኒሻኑ ማቀዝቀዣውን ፈተሸ» ይሆናል። ተሳቢው ለአንባቢው ገና ያልታወቀ ከሆነ «ን» አያስፈልገውም፤ «የግዥ ክፍሉ አዲስ ቴርሞስታት ገዛ» ይባላል።

ግሱን ከባለቤቱ ጋር ማስማማቱ ተገብሮው ሸሽቶት የነበረውን የማዕረግ ጥያቄም ያነሣል። «ትዕዛዝ ተሰጠ» ሲባል ስለ አዛዡ ምንም መወሰን አያስፈልግም። «ኃላፊው አዘዘ» ወይስ «ኃላፊው አዘዙ»? አንዳንድ ጸሐፊዎች ተገብሮውን የሚመርጡት ከዚህ ውሳኔ ለማምለጥ ይመስላል። የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ኃላፊን በአንቱታ መጥራት ከሆነ «አዘዙ» ተብሎ እስከ መጨረሻው በዚያው መቀጠል ነው፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንዴ «አዘዙ» አንዴ «አሳወቀ» ማለት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያሉ ያስመስላል። መሥሪያ ቤት ባለቤት ሲሆን ግን ግሱ ነጠላ ነው፤ «ጽሕፈት ቤቱ ላከ»።

ከበድ የሚለው «እንዲዛወሩ ተደርጓል» የሚለው ነው። እዚህ ሁለት ተገብሮዎች ተደራርበዋል፣ ከኋላቸውም ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ አዟል፣ ሌላዋ ፈጽማለች። ሐረጉን ወደ «ኃላፊው አዛወሩ» ብቻ መቀየር ነርሷን ይሰርዛታል፤ ወደ «ነርሷ አዛወረች» ብቻ መቀየር ደግሞ በራሷ ሥልጣን እንደወሰነች ያስመስላል። ትክክለኛው መፍትሔ ሁለት ግስ መጠቀም ነው፤ «ኃላፊው እንዲሄዱ አዘዙ፤ ነርሷም አሽጋ ወሰደቻቸው»። «እንዲደረግ ተደርጓል» የሚል ድርብርብ በተገኘበት ሁሉ ከሥሩ ትዕዛዝና ፈጻሚ ተለያይተው እንደሚገኙ መጠርጠር ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ወጥመድ አለ። አማርኛ «ጠገነ» እና «አስጠገነ»ን ይለያል። ተገብሮው «ተጠገነ» ሁለቱንም ስለሚሸፍን፣ ወደ ገቢር ሲመለስ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል። «ጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣውን ጠገነ» የሚለው በዚህ ምሳሌ ሐሰት ነው፤ ጤና ጣቢያው የጥገና ባለሙያ የለውም። የግል ባለሙያ ቀጥሮ ቢሆን ኖሮ «አስጠገነ» ይባል ነበር። እዚህ ግን ባለሙያውን የላከው ወረዳው ስለሆነ፣ ባለቤቱ መሆን ያለበት ቴክኒሻኑ ራሱ ነው። ልዩነቱ ለሒሳብ ክፍልም ትርጉም አለው፤ «አስጠገነ» የሚለው ክፍያ መኖሩን ያስጠረጥራልና።

በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ያለው «ተነቅሎ አዲስ ተገዝቶ ተገጥሟል» ደግሞ አስቸጋሪ ነገር ይዟል። እንደ «ገዝቶ»፣ «ነቅሎ» ያሉት ግሶች ባለቤታቸውን ብዙ ጊዜ ከተከታያቸው ግስ ጋር ይጋራሉ። በተገብሮው ባለቤቱ ቴርሞስታቱ ስለሆነ፣ አንዱ ነቅሎት ሌላው አዲሱን ቢገዛና ሦስተኛው ቢገጥመው ዐረፍተ ነገሩ ምንም አይሰማውም። ሰንሰለቱ እንዳለ ወደ ገቢር ተቀይሮ «ቴክኒሻኑ አሮጌውን ነቅሎ አዲስ ገዝቶ ገጠመ» ቢባል ግን ሦስቱንም የሠራው አንድ ሰው ነው ማለት ይሆናል። ቴክኒሻኑ ግን አልገዛም። ባለቤቱ በተለወጠበት ቦታ ሰንሰለቱን ቆርጦ አዲስ ዐረፍተ ነገር ወይም ድርብ ሰረዝ ማስገባት ያስፈልጋል፤ «የግዥ ክፍሉ አዲስ ቴርሞስታት ገዛ፤ ቴክኒሻኑም ገጠመው»። ተገብሮን ወደ ገቢር ሲመልሱ ባለማወቅ የሚፈጠሩ የተሳሳቱ ሪፖርቶች ብዙዎቹ ከዚህ ሰንሰለት ይወለዳሉ።

«ተገቢው እርምጃ ተወስዷል» የሚለውን ማዞር ግን በሰዋስው ብቻ አይቻልም። «ነርሷ ተገቢውን እርምጃ ወሰደች» ቢባል ቅርጹ ገቢር ነው፣ አንባቢው ግን አሁንም ምንም አላወቀም። ባዶው ስሙ ነው። «እርምጃ»፣ «ክትትል»፣ «ፍተሻ»፣ «ድጋፍ» የሚሉት ስሞች ከ«ተደረገ»፣ «ተካሄደ» እና «ተሰጠ» ጋር ሲጣመሩ እውነተኛውን ግስ ይውጡታል። «ፍተሻ ተካሄደ» ውስጥ «ፈተሸ» አለ፣ «ሪፖርት ተደረገ» ውስጥ «አሳወቀ» አለ፤ ማውጣቱ ቀላል ነው። «እርምጃ» ውስጥ ግን የሚወጣ ግስ የለም፤ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሲጠየቅ ነርሷ ያደረገችው ይህን ነበር። በብዙ የክትባት ብልቃጦች ላይ ሙቀት ሲነካው ቀለሙ የሚጠቁር ጠቋሚ አለ፤ በክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ናት። አራት ማዕዘኗ ከዙሪያዋ ክብ ጋር እኩል ከጠቆረች ወይም ከእሱ ከባሰች ያ ብልቃጥ መሰጠት የለበትም። ነርሷ እያንዳንዱን ብልቃጥ አይታ፣ እዚህ ደረጃ የደረሱ 6 የፖሊዮ ክትባት ብልቃጦች ለየች፣ በዝርዝር ጽፋም ለኃላፊው አስረከበች። ከዚህም አንድ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። የመጀመሪያው አንቀጽ የተጎዱትን ክትባቶች ከጥገናው በኋላ ስለጠቀሰ፣ አንባቢው የተበላሹትና ደህነኞቹ ተደባልቀው ወደ ጎረቤት ጤና ጣቢያ የሄዱ ይመስለዋል። በእውነቱ ነርሷ የለየችው ከማሸጓ በፊት ነው። ተገብሮው አድራጊዋን ብቻ ሳይሆን የድርጊቱን ቅደም ተከተልም አደብዝዞት ነበር፤ አድራጊዋ ስትጠራ ነገሩ በተደረገበት ተራ ለመጻፍ ቀለለ።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ስለ ወደፊቱ ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ፊደል ራሱ ያታልላል። በኃላፊ ጊዜ «ለካ» እና «ተለካ» በጽሑፍ ይለያሉ። በትንቢት ግን «ይለካል» ሁለቱንም ነው። ጠብቆ ሲነበብ ተገብሮ፣ ላልቶ ሲነበብ ገቢር ይሆናል፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ይገዛል»ም እንዲሁ ነው። «ሙቀቱ በየቀኑ ይለካል» የሚለውን ተገብሮ መሆኑን የሚነግረው «ሙቀቱ» ላይ «ን» አለመኖሩ ብቻ ነው። ዕቅድ ሲጻፍ ባለቤቱ ካልተጠራ፣ ከወር በኋላ መዝገቡ ባዶ ሲገኝ «አልተለካም» የሚል ሌላ ተገብሮ ይጻፋል፤ የሚጠየቅ ሰውም አይኖርም። «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለውም አዛዡን፣ ፈጻሚዋንና ተቆጣጣሪውን በአንድ ላይ ያጠፋል። ስለዚህ ዕቅዱ ስም፣ ሰዓትና የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልገዋል።

እነዚህ ሁሉ ሲሰባሰቡ አንቀጹ እንዲህ ይሆናል።

«ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ የክትባት ክፍሉ ነርስ የማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሳየቱን አይታ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገረች። ኃላፊው ክትባቶቹ ወደ አጎራባች ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ አዘዙ። ነርሷ የየብልቃጡን የሙቀት ጠቋሚ አይታ መሰጠት የማይገባቸውን 6 የፖሊዮ ክትባት ብልቃጦች ለየች፣ ዝርዝራቸውንም ለኃላፊው አስረከበች፤ የቀሩትን በበረዶ ሣጥን አሽጋ 4፡00 ሰዓት ላይ አጎራባቹ ጤና ጣቢያ አደረሰች። በዚያው ዕለት ኃላፊው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በስልክ አሳወቁ። ጽሕፈት ቤቱ የላከው ቴክኒሻን ማክሰኞ ማቀዝቀዣውን ፈትሾ ቴርሞስታቱ መቃጠሉን አረጋገጠ። የጤና ጣቢያው የግዥ ክፍል ረቡዕ አዲስ ቴርሞስታት ገዛ፤ ቴክኒሻኑም በዚያው ቀን ገጠመው። ከሐሙስ ጀምሮ ነርሷ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን ለክታ በመዝገብ ታሰፍራለች፤ ኃላፊው መዝገቡን በየሳምንቱ ዓርብ ያያሉ። ቴርሞስታቱ የተቃጠለበት ምክንያት አልታወቀም።»

አዲሱ አንቀጽ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ገቢር ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ ያሳጥራል የሚለው አስተያየት በአማርኛ ብዙ አያስኬድም። «ተፈተሸ» አንድ ቃል ነው፤ «ቴክኒሻኑ ፈተሸ» ሁለት ነው። ያጠረው አንባቢው የሚጠይቀው ነው። የወረዳው ባለሙያ አሁን ስልክ ሳያነሣ የሚቀጥለውን ሥራ መወሰን ይችላል።

በአዲሱ አንቀጽ ውስጥ የቀሩ ተገብሮዎች አሉ። «የተቃጠለበት ምክንያት አልታወቀም» እንዳለ ተትቷል፤ አድራጊ የለም፣ ወይም ቢኖርም አልተገኘም። «መሰጠት የማይገባቸው» የሚለውም ቀርቷል፣ ምክንያቱም ክትባቱን ማን ይሰጣል የሚለው እዚህ ጉዳይ አይደለም፤ ማንም ቢሆን መስጠት የለበትም። ዕቃ ሲሰረቅ፣ ሰው ሲጎዳና ምርመራው ሳይጠናቀቅ ተገብሮው ትክክለኛው ምርጫ ነው። «ሦስት የበረዶ ሣጥኖች ተሰርቀዋል» የሚለውን ገቢር ለማድረግ ስም መጥራት ክስ ነው። በንግግር እንደሚደረገው «ሰረቁን» ማለትም ይቻላል፣ ግሱም ገቢር ነው፤ ነገር ግን «እነሱ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ስለማይታወቅ ለሪፖርት አይመችም።

አንዳንዴ ጸሐፊው ተገብሮውን የሚይዘው አንቀጹ ስለ ዕቃው ስለሆነና ዕቃው ከፊት እንዲቆም ስለሚፈልግ ነው። ይህ ጥሩ ምክንያት ነው፤ ሆኖም አማርኛ ሌላ መንገድ አለው። ተሳቢውን ከፊት አውጥቶ በግሱ ላይ ምልክቱን መተው ይቻላል፤ «ማቀዝቀዣውን ቴክኒሻኑ ማክሰኞ ፈተሸው»። «ማቀዝቀዣውን» ከፊት ቆሟል፣ «ፈተሸው» ላይ ያለው «ው» ወደ እሱ ይመለሳል፣ ቴክኒሻኑም አልጠፋም። ስለ አንድ ዕቃ ተከታታይ ሥራ የሚዘረዝር አንቀጽ በዚህ አሠራር ርእሱን ሳይለቅ ገቢር ሆኖ መዝለቅ ይችላል። በየዐረፍተ ነገሩ ከተደጋገመ ግን ንባቡን ያደናቅፋልና፣ ዕቃው እንደገና መነሣት ባለበት ቦታ ብቻ መጠቀሙ ይሻላል።

ሥራው ማለቁን የሚያረጋግጠው ፈተና ቀላል ነው። በአንቀጹ የተጠቀሱት ሰዎች እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው የተጻፈውን ያንብቡት። ቴክኒሻኑ «ፈተሽኩ፣ ገጠምኩ» ብሎ ከተስማማ፣ የግዥ ክፍሉም «ገዛን» ካለ፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ቦታቸውን ይዘዋል። አንዱ «ይህን እኔ አላደረግኩም» ካለ ግን፣ ወይ ሰንሰለቱ ያልተቆረጠበት ቦታ አለ፣ ወይ «አስ»ን የሚፈልግ ግስ ያለ «አስ» ተጽፏል፣ ወይም ጸሐፊው ሳይጠይቅ የሞላው ባለቤት አለ። በተገብሮው ጊዜ እንዲህ ያለ ተቃውሞ ከማንም አይመጣም ነበር፤ የሚቃወም ሰው በአንቀጹ ውስጥ አልነበረምና።